የምናነበውን ዐረብኛ ለመናገር፦ የቋንቋ ልውውጥ ጓደኛ ማግኘትና ለመጀመሪያው ውይይት መዘጋጀት



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ዐረብኛን የምናውቀው በዓይናችን ነው። በልጅነታችን መድረሳ ገብተን ፊደሉን ለይተናል። ቁርኣን ቀርተናል፣ አንዳንዶቻችንም አጅሩሚያን ጨርሰን ሌላ የነሕው ኪታብ ጀምረናል። ነገር ግን ከሶላት በኋላ ሱዳናዊ ተማሪ ቀርቦ ሲያናግረን ከሰላምታው አናልፍም። «ከይፈ ሓሉክ» «አልሐምዱሊላህ» ተባብለን ወደ እንግሊዝኛ እንሻገራለን። እሱም በበኩሉ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲከራይና ታክሲ ሲሳፈር በአማርኛ ምክንያት ይቸገራል። እኛ የምንፈልገው ነገር እሱ ጋር አለ። እሱ የሚፈልገውም እኛ ጋር።

ይህ ዓይነቱ መማማር በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች «ታንደም» ይባላል። ስሙ ሁለት ሰው አብሮ ከሚነዳው ብስክሌት የተወሰደ ነው። ክፍያም አስተማሪም የለበትም። አንደኛው የራሱን ቋንቋ ይሰጣል፣ የሌላውን ይቀበላል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ጉዳይ ብቻ እናያለን፦ በግቢያችን ወይም በአቅራቢያችን ካለ ሱዳናዊ ተማሪ ጋር ዐረብኛን በአማርኛ ስንለዋወጥ ጓደኛውን እንዴት እንደምናገኝና የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እንዳይባክን ምን ማዘጋጀት እንዳለብን።

መጀመሪያ የትኛውን ዐረብኛ እንደምንፈልግ እንወስን

በኪታብ የምናውቀው ፉስሓ ነው። ሱዳናዊው በቤቱ የሚናገረው ደግሞ የሱዳን ዐረብኛ ነው። ትምህርት ቤት የገባ ሱዳናዊ ፉስሓን ያነባል፣ ይሰማል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ይናገራል። ሆኖም ሻይ እየጠጣ በፉስሓ አያወራም። እኛም ገበያ ገብተን የዜና አንባቢ አማርኛ እንደማንናገር ማለት ነው። ይህን ሳናውቅ የገባን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን «የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ነው» ብለን እንወጣለን። ከንቱስ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ የሚመስለው በጥቂት ቃላት ምክንያት ነው፤ እነዚያ ቃላት ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ የሚመላለሱ ናቸው። አምስቱን ብቻ እንያቸው፦

- «ምን» ለማለት በፉስሓ «ማዛ»፣ በሱዳን «ሽኑ»
- «የት» ለማለት በፉስሓ «አይነ»፣ በሱዳን «ዌን»
- «ማን» ለማለት በፉስሓ «መን»፣ በሱዳን «ሚኑ»
- «እፈልጋለሁ» ለማለት በፉስሓ «ኡሪዱ»፣ በሱዳን ወንድ ሲናገር «ዳይር»፣ ሴት ስትናገር «ዳይራ»
- «አሁን» ለማለት በፉስሓ «አልአን»፣ በሱዳን «ሀሰዕ»

ከዚህ ላይ አንድ የድምፅ ለውጥ እንጨምር። ሱዳናውያን ቃፍን አብዛኛውን ጊዜ «ገ» ብለው ይናገሩታል። «ቃለ» የምንለው «ጋል» ይሆናል፣ «ቀሪብ» የምንለው ደግሞ «ገሪብ»። ይህን የያዘ ተማሪ ከዚህ በፊት ያመለጡትን ብዙ ቃላት በድንገት ይለያቸዋል፣ ምክንያቱም ቃላቱ ከድሮም የሚያውቃቸው ናቸው።

ምክራችን ይህ ነው፦ እኛ በምንችለው ፉስሓ እንናገር፣ እሱ በራሱ አነጋገር ይመልስ፤ አዲስ ቃል ሲመጣ የፉስሓውን አቻ በወረቀት ላይ ይጻፍልን። በዚህ መንገድ ጆሯችን ሱዳንኛውን ይለምዳል፣ መሠረታችንም አይናጋም። ወሰኑንም አብረን እንወቅ። የልውውጥ ጓደኛ የነሕው ኡስታዝ አይደለም። አንድ አባባል ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ወዲያው ይነግረናል። ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ማስረዳት አይችልም። እኛስ «ሄድኩ» እና «ሄጃለሁ» በምን እንደሚለያዩ ድንገት ብንጠየቅ ቶሎ እንመልሳለን? ስለዚህ የኢዕራብ ጥያቄያችንን ለደርሳችን እናቆየው።

ጓደኛውን መፈለግ

ብዙዎቻችን ዐረብኛው የሚያምርለትን ሰው እንፈልጋለን። የሚሻለው ግን አማርኛ የሚያስፈልገውን ሰው መፈለግ ነው። የሱ ፍላጎት ከኛ ፍላጎት ጋር ካልተመጣጠነ ልውውጡ ውለታ ይሆናል። ውለታ ደግሞ ፈተና ሲቀርብ መጀመሪያ የሚቀር ነገር ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደ አገራችን ከመጡት መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው የመጡ ወጣቶች አሉ። ከነዚህ ውስጥ ለጥቂት ወር ብቻ የሚቆይና ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የሚጠባበቅ ሰው ለአማርኛ ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ በየቀኑ ገበያ የሚወጣ፣ ወይም እዚሁ ትምህርት የጀመረ ግን አማርኛ የዕለት ጉዳዩ ነው።

የት እናገኘዋለን? በራሳችን የትምህርት ክፍሎች፣ በመስጂድ ከሶላት በኋላ፣ ሱዳናውያን በሚያዘወትሯቸው ምግብ ቤቶች፣ የውጭ አገር ተማሪዎችን በሚያስተናግደው የዩኒቨርሲቲው ቢሮ በኩል። እህቶች ከእህቶች፣ ወንድሞች ከወንድሞች ጋር ቢጣመሩ ልውውጡ ሳይሳቀቁ የሚቀጥል ይሆናል። ቦታውም ሰው የሚያይበትና ድምፅ የሚፈቀድበት ይሁን፤ ለምሳሌ የቤተ መጻሕፍት የመወያያ ክፍል ወይም የግቢው ሻይ ቤት በጸጥታው ሰዓት።

በማስታወቂያ የምንፈልግ ከሆነ አጭር ጽሑፍ በዐረብኛና በአማርኛ ይበቃል። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው። ዐረብኛ አነባለሁ፣ መናገር ግን ገና ነኝ። አማርኛ ለመናገር ከሚፈልግ ሱዳናዊ ተማሪ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት በግቢ ውስጥ መለማመድ እፈልጋለሁ።» ምን እንደምንሰጥ፣ ምን እንደምንፈልግ፣ ደረጃችን የት እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜና የት እንደሆነ ሁሉም ተነግሯል። «ዐረብኛ መማር የምትፈልጉ ደውሉ» ወይም «ጓደኛ እፈልጋለሁ» የሚል ማስታወቂያ ግን ለሌላ ነገር የሚደውል ሰው ይጠራል።

ሰው ከተገኘ በኋላ ከመገናኘታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ «አማርኛ የት ቦታ አስቸገረህ?» መልሱ «ዝም ብዬ ቋንቋ እወዳለሁ» ከሆነ ክፉ አይደለም፣ ግን ቶሎ ሊሰለች ይችላል። መልሱ «አከራዬ የምትለኝ አይገባኝም» ከሆነ የመጀመሪያው ውይይት ርዕስ ተገኘ ማለት ነው።

ቀጠሮውን ስንይዝ

ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ልውውጥ ሳይጀመር የሚያበላሽ ነገር ሰዓት ነው። እኛ «በ9 ሰዓት» ስንል ከዐስር በፊት ያለውን ከሰዓት በኋላ ማለታችን ነው። እሱ ግን ጠዋት ቡና የሚጠጣበትን ሰዓት ይሰማል። ስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ቀጠሮውን «ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ 9:30፣ በእናንተ 3:30» ብለን በሁለቱም እንጻፍ። ቀኑንም በቁጥር ብቻ አንተወው፣ የዘመን አቆጣጠራችን ይለያልና። የሳምንቱን ቀን ስም መጥራት ይሻላል፤ ደግሞም «እሑድ» እና «አልአሐድ»፣ «ረቡዕ» እና «አልአርቢዓእ»፣ «ሐሙስ» እና «አልኸሚስ» ዘመዳሞች ናቸውና ሁለታችንም አንስታቸውም።

አስቀድመን የምንስማማባቸው ሁለት ነገሮች

አንደኛው የጊዜ ክፍፍል ነው። ስልሳ ደቂቃ ካለን 25 ደቂቃ ዐረብኛ፣ 25 ደቂቃ አማርኛ፣ 10 ደቂቃ እርማት እናድርገው። ስልካችን ላይ ሰዓት እንሙላ፤ ሲጮህ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቢሆንም እንለውጥ። ይህ ግትርነት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ግን ይህ ነው፦ ሰዓት ከሌለ ሁለታችንም በተሻለ የምንግባባበት ቋንቋ ሳናስበው ሌላውን ይውጠዋል። ከኛና ከሱዳናዊው መካከል ያ ቋንቋ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ደስ ብሎን አውርተን ስንለያይ ሁለታችንም የተለማመድነው እንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለአንዲት ቃል ብቻ፣ እሷም በወረቀት ተጽፋ ትፈቀድ። ሁለት ቋንቋ እየቀላቀሉ ማውራትም አይረዳም፣ እያንዳንዱ የሚከብደውን ክፍል በራሱ ቋንቋ እየሸሸው ያልፋልና።

ሁለተኛው እርማት ነው። በየቃሉ የሚታረም ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዝም ይላል። ጨርሶ የማይታረም ሰው ደግሞ ስሕተቱን ይለምደዋል። መሃል ያለው መንገድ እንዲህ ነው፦ ጓደኛው ሲናገር አናቋርጠው፣ በወረቀት እንያዝ። ስሕተቱ ትርጉሙን ካላጠፋ በመልሳችን ውስጥ ትክክለኛውን አድርገን እንበለው። «እፈልጋለሁ ክፍል» ካለ «ክፍል ትፈልጋለህ? ትልቅ ነው ትንሽ?» ብለን እንቀጥል። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከያዝነው ውስጥ ከአምስት የማይበልጠውን እንንገረው። የሚቀድመው ያላግባባን ስሕተት ነው፣ ቀጥሎ የተደጋገመው። ሌላው ለሌላ ቀን ይቆይ።

አንድ ገጽ ዝግጅት

ለመጀመሪያ ቀን መቶ ቃል መሸምደድ አያስፈልግም። በአንድ ርዕስ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፦ ልንጠይቅ የምንችላቸው አምስት ጥያቄዎች፣ ስለራሳችን የምንናገራቸው አምስት ዓረፍተ ነገሮች፣ እና ስንጠፋ የምንመለስባቸው «የመዳኛ» አባባሎች። ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ነው። እነዚህ በእጃችን ካሉ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስሸሽ ምክንያት ይቀንሳል፦

- «ማ ፋሂም» (ሴት ስትናገር «ማ ፋህማ»)፦ አልገባኝም
- «ጉል ታኒ» (ለሴት «ጉሊ ታኒ»)፦ እንደገና በል
- «በራሓ»፦ ቀስ ብለህ
- «ያዕኒ ሽኑ?»፦ ምን ማለት ነው?

የአማርኛውን አቻ ደግሞ ለሱ እንጻፍለት፤ ከመገናኘታችን አንድ ቀን በፊት በቴሌግራም ድምፃችንን ቀድተን ብንልክለት እያደመጠ ይመጣል።

ርዕሱን ስንመርጥ ጥንቃቄ ያሻል። በመጀመሪያ ትምህርት የተለመዱት ጥያቄዎች «ቤተሰቦችህ የት ናቸው? ስንት ወንድም አለህ? መቼ ትመለሳለህ?» የሚሉ ናቸው። ከጦርነት ለወጣ ሰው እነዚህ የሰዋስው ልምምድ አይሆኑለትም። የቤተሰብን ደኅንነት በሰላምታ ጠይቀን እዚያው እንለፈው። እሱ ራሱ ካነሣው ሰዓቱን አጥፍተን፣ ብዕሩንም አስቀምጠን እንስማው። በዚያን ጊዜ እርማት የለም። ለመጀመሪያ ቀን የሚሻለው አሁን የምንኖርበት ነገር ነው፦ መኖሪያ ክፍል፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ የትምህርት ቀን።

አንድ ውይይት በዝርዝር

እንበልና አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን ወሎ መድረሳ የቀራ ነው። ጓደኛው አዲስ አበባ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ሱዳናዊ ነው። ርዕሳቸው «ክፍል» ነው። የሚጀምሩት በዐረብኛ ነው።

የኛ ተማሪ ከወረቀቱ «ሳኪን ዌን?» ብሎ የት እንደሚኖር ይጠይቃል። ሱዳናዊው «ሳኪን ፊ ኦዳ፣ ገሪብ ሚን አልጃሚዓ» ይለዋል። «ገሪብ» የሚለውን «ቀሪብ» እንደሆነ ለየ፣ «ኦዳ» ግን ጠፋው። «ኦዳ ያዕኒ ሽኑ?» አለ። ሱዳናዊው ወረቀቱ ላይ «ጉርፋ» ብሎ በዐረብኛ ፊደል ጻፈለት። ክፍል ማለት ነው፤ ቃሉን ከኪታብ ያውቀዋል። አንዲት የመዳኛ አባባል ውይይቱን ከመቆም አዳነችው። ቀጥሎ «ኦዳ ከቢር?» ብሎ ጠየቀ። ሱዳናዊው ሳያቋርጠው «ላ፣ ማ ከቢራ» ብሎ ትክክለኛውን በመልሱ አሰማው፣ ክፍል በዐረብኛ ሴቴ ናትና። ስለ ኪራይ ሲጠይቀው ቁጥሩ በዐረብኛ ከአንድ ቤት ይጀምራል፤ «ኸምሳ ወተላቲን» 35 ነው፣ 53 አይደለም። ስለዚህ የሰማውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ አሳየ።

ሰዓቱ ጮኸ፣ ወደ አማርኛ ዞሩ። አሁን የኛ ተማሪ አከራይ እናት ሆነ፣ ሱዳናዊውም ክፍል ፈላጊ። «ሰላም ነሽ? እፈልጋለሁ ክፍል» አለ። ሁለት ነገር ተመዘገበ። አንደኛው ግሡ መጀመሪያ መምጣቱ ነው፤ ዐረብኛ የለመደ ሰው ግሡን እስከ መጨረሻ ማቆየት ይከብደዋል። ሁለተኛው «ነሽ» ማለቱ ነው። ዐረብኛ ወንድና ሴት ስለሚለይ «ነህ» እና «ነሽ» አያስቸግሩትም። «እርስዎ» ግን አዲስ ነገር ነው፤ በዕድሜ የገፉ አከራይን «አንቺ» ማለት ኪራዩን ሊያስወድድበት ይችላል! ከዚያ «ኪራዩ ስንት ነው? ውኃና መብራት ይጨምራል? ቅድሚያ የስንት ወር ነው?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ሦስት ጊዜ ደጋገሙ፤ የኛ ተማሪም በየዙሩ መልሱን እየለዋወጠ ፈተነው። ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሲነጋገሩ ሱዳናዊው «ጠረጴዛ» የሚለውን ሲሰማ ሣቀ፣ እነሱም «ተረቤዛ» ይላሉና። ቡናውን ከነማፍያው «ጀበና» እንደሚሉትም ነገረው።

በእርማቱ አሥር ደቂቃ ለሱዳናዊው ሦስት ነጥብ ተነገረው፦ ግሡ መጨረሻ፣ «እርስዎ»፣ እና የ«ጠ» ድምፅ። ለኛ ተማሪም ሁለት፦ «ከቢራ» እና የቁጥሩ አቀማመጥ። «ቀሪብ» ማለቱ ግን እንደ ስሕተት አልተቆጠረበትም። እሱ የፉስሓ ነው፣ ያኛው የሱዳን። ልዩነትንና ስሕተትን በሁለት ዓምድ ለይቶ መጻፍ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል።

የሚያሳስቱ ተመሳሳዮችንም እንወቅ። «ከልብ አመሰግናለሁ» ስንለው ሱዳናዊው «ከሊብ» ሊሰማ ይችላል፤ ያ በሱ አነጋገር ውሻ ነው። ልብ ማለት የፈለገ ሱዳናዊ «ገሊብ» ይላል። «አይብ ብላ» ስንለውም «ዐይብ»፣ ነውር፣ የሰማ ይመስለዋል። አስቀድመን ብንነግረው የሣቅ ምክንያት ይሆናል፣ ካልነገርነው ግን የቅሬታ።

እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የመጀመሪያው ቀን ደስ ማለቱ መለኪያ አይሆንም። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ርዕስ ከመክፈታችን በፊት ያንኑ ስለ ክፍል የተነጋገርነውን ወረቀት ሳናይ በአምስት ደቂቃ እንድገመው። ካለፈው ያነሰ ከተደናቀፍን መንገዱ ትክክል ነው። ያልተሻሻልን እንደሆነ ሁለት ነገር እንመርምር። በዐረብኛው 25 ደቂቃ ውስጥ ይበልጥ የተናገረው ማን ነበር? ሱዳናዊው ከሆነ እኛ አድማጭ ሆነን ነው የወጣነው፤ በሚቀጥለው የጥያቄዎቻችንን ቁጥር ቀንሰን የራሳችንን ዓረፍተ ነገሮች እናብዛ። ወረቀቱ ላይ ያለው የእርማት ዝርዝርስ ተነቧል? ሳይነበብ የተጣጠፈ ወረቀት ያንኑ ስሕተት በሚቀጥለው ሐሙስ መልሶ ያመጣል።

ጓደኛው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ከመቀየማችን በፊት አማርኛው 25 ደቂቃ ለሱ ምን እንደጠቀመው እንጠይቅ። ምናልባት እኛ የመረጥንለት ርዕስ የሱ ጉዳይ አልነበረም። የአከራዩን ነገር ጨርሶ አሁን ያስቸገረው የሐኪም ቤት ካርድ ማውጣት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የሚቀጥለው አንድ ገጽ ርዕስ እሱ ነው።